ኮፊሸንቱ ወረደ፤ በሬዎቹ ይሸጡ?

*«ጎንደር ማራኪ ግቢ የኢኮኖሚክስ ተመራቂ ነኝ። ከከተማው ተቀጣሪዎች በመጠይቅ በሰበሰብኩት መረጃ ትምህርት ደመወዝን ምን ያህል እንደሚጨምር እያጠናሁ ነው። የትምህርት ዓመት ኮፊሸንት 0.11 ነበር። አማካሪዬ የአባትን ትምህርት ጨምሪ ሲሉኝ 0.08 ሆነ። ጓደኞቼ አውጪው ይሉኛል። አባቴ ደግሞ 11 በመቶ ይጨምራል ካልኩት ወዲህ በሬዎቹን ሸጦ ማስተርስ ሊያስተምረኝ ቆርጧል። የባንክ ማስታወቂያም ወጥቷል። ምን ይሻለኛል?»*

እህቴ፣ አታውጪው። ጓደኞችሽ ቁጥሩ የተበላሸ መስሏቸዋል። የተበላሸ ነገር የለም፤ የመጀመሪያው ሪግሬሽን የደበቀውን ሁለተኛው አሳየሽ።

ሁለት ሰዎች ውሰጂ። አንዱ 12 ዓመት ተምሯል፣ ሌላው 16። በመጀመሪያው ሪግሬሽንሽ መሠረት የሎግ ደመወዛቸው ልዩነት 4 ጊዜ 0.11 ማለትም 0.44 ነው። ግን 16 ዓመት የተማረው ብዙ ጊዜ አባቱም የተማረ ነው። የተማረ አባት ልጁ የመጀመሪያውን ሥራ በችኮላ እንዳይይዝ ይደግፈዋል፤ ክፍት ቦታ ሲኖር የሚነግረው ሰውም ያውቃል። ይህ ደመወዙን ከፍ ያደርገዋል። የአባት ትምህርት ሪግሬሽኑ ውስጥ ከሌለ፣ ያ ድርሻ በልጁ ትምህርት ስም ይመዘገባል።

ምን ያህል እንደተመዘገበ በሁለት ቁጥር ማስላት ትችያለሽ። አንደኛው የአባት ትምህርት በተጨመረበት በረጅሙ ሪግሬሽን የአባት ትምህርት ኮፊሸንት ነው። 0.05 ነው እንበል። ሁለተኛውን ለማግኘት የአባትን ትምህርት በልጁ ትምህርት ላይ ሪግሬስ አድርጊ። 0.6 ወጣ እንበል፤ የልጁ ትምህርት አንድ ዓመት በበለጠ ቁጥር የአባቱ ትምህርት በአማካይ 0.6 ዓመት ይበልጣል ማለት ነው። ሲባዙ 0.03። 0.08 ሲደመር 0.03፣ 0.11። ይህ ግምት አይደለም፤ ናሙናው አንድ ከሆነ ልክ በልኩ ይገጥማል።

ካልገጠመ ችግሩ እዚያው ናሙናው ላይ ነው። የአባታቸውን ትምህርት ያልመለሱ ሰዎች ከረጅሙ ሪግሬሽን በራሳቸው ይወጣሉ። ያኔ ኮፊሸንቱ የወረደው በአባት ትምህርት ይሁን በሰዎቹ መቀነስ አይለይም። በስታታ እንዲህ አድርጊ፦

```
reg lnwage educ feduc
reg lnwage educ if e(sample)
reg feduc educ if e(sample)
```

የመዛባቱ አቅጣጫም ከዚሁ ብዜት ይመጣል። የሥራ ልምድን ብትጨምሪ የትምህርት ኮፊሸንት ከፍ ሊል ይችላል። ልምድ ደመወዝ ይጨምራል፤ ግን በአንድ ዕድሜ ካሉ ሰዎች ብዙ የተማረው ያነሰ የሠራው ነው። ፕላስ በማይነስ ተባዝቶ ማይነስ ይሆናል።

ፈታኝ «የሥራ መደብንስ ለምን አልጨመርሽም?» ቢልሽ ግን አትደንግጪ። የአባት ትምህርት ከልጁ ትምህርት በፊት የነበረ ነው። የሥራ መደብ ግን ትምህርት ራሱ የሚያመጣው ነው። እሱን ስትጨምሪ ኮፊሸንቱ ይወርዳል፤ የወረደው ግን ትምህርት በመደብ በኩል ያመጣውን ጥቅም ስለቆረጥሽ ነው። የኮፊሸንት መውረድ ብቻውን ጨምሪም አውጪም አይልም።

አሁን ወደ በሬዎቹ። በግልጽ ልንገርሽ፦ ያ ቁጥር በሬ አያሸጥም። የሁለት ዓመት ማስተርስን በ10,000 ብር ደመወዝ እናስላ። ሳትሠሪ ብትማሪ 240,000 ብር ይቀርብሻል፣ ክፍያው ሳይቆጠር። በ0.11 ከሄድን የሁለት ዓመቱ የሎግ ልዩነት 0.22 ነው፤ ከሎግ ወደ ብር ሲመለስ ጭማሪው በወር 2,460 ብር ገደማ ነው፤ የቀረብሽን ለመመለስ ስምንት ዓመት ይፈልጋል። በ0.08 ግን 1,735 ብር ገደማ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ተኩል ይፈጃል። 0.08ቱም የመጨረሻ እውነት አይደለም። ተፈጥሯዊ ችሎታ አልተለካም። ናሙናሽ ውስጥ ያሉት ሥራ ያገኙ ብቻ ናቸው፤ ማስተርስ ይዞ ቤት የተቀመጠው አልተጠየቀም። አንዱ ኮፊሸንት የአምስተኛ ክፍልን ዓመትም የማስተርስን ዓመትም እኩል ይቆጥራል። አባትሽ ልጁን ስለሚወድ ቆርጧል፣ ያንን አከብራለሁ። ግን የእርሻ በሬ ከተሸጠ የሚቀጥለው ክረምት ማሳ በምን ይታረሳል? 11 በመቶውን የነገርሽው አንቺ ነሽ፤ ማረሙም ያንቺ ነው።

እኔ ሥራ የጀመርኩት መጠይቅ ይዤ ቤት ለቤት በመዞር ነበር፤ ማስተርሴን የተማርኩት እየሠራሁ በኤክስቴንሽን ነው። አንቺም መጠይቅ አዘጋጅተሽ፣ መረጃ ሰብስበሽና አጽድተሽ ታውቂያለሽ። የጥናት ፕሮጀክቶች መረጃ ሰብሳቢና ሱፐርቫይዘር ሲቀጥሩ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። መጀመሪያ እዚያ አመልክቺ፣ ስታታ ፋይልሽን ይዘሽ ሂጂ።

ባንኩም ላይ ተመዝገቢ፤ ፈተናው ከዲፌንስሽ ጋር እንዳይጋጭ ብቻ ቀኑን አረጋግጪ።