የኤንድና ኦር ሰርኪትን በኖር ብቻ ለመሥራት፦ ለጀማሪ ተማሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

«ኤንዱንም ኦሩንም አንድ በአንድ በኖር ተካሁት፤ ታዲያ ሰርኪቱ ለምን የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል?» የሚለው ጥያቄ ከእናንተ ደጋግሞ ይመጣል። የሚያሳዝነኝ ጥያቄው መምጣቱ አይደለም። የሚያሳዝነኝ ብዙዎቻችሁ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ሳትጽፉ ስዕሉን በቀጥታ ሲሙሌተር ውስጥ መሳላችሁ ነው። ሲሙሌተሩ ስህተት መኖሩን ያሳያችኋል እንጂ ስህተቱ የገባበትን ቦታ አይነግራችሁም። ቦታውን የሚነግራችሁ የመገልበጥ ሕግ ነው። የእውነት ሠንጠረዥ እንዴት እንደሚሞላ ታውቃላችሁና እሱን እዘለዋለሁ።

የሚያስፈልጉን ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው። አንደኛው፣ ሁለት ጊዜ የተገለበጠ ነገር ወደ ራሱ ይመለሳል፦ (X')' = X። ሁለተኛው የዲ ሞርጋን ሕግ ነው፦ (X + Y)' = X'Y'። ከሁለቱ የሚወጣውን ልብ በሉ። XY ማለት (X' + Y')' ነው፤ ስለዚህ ኤንድ ማለት ግብዓቶቹ የተገለበጡ ኖር ነው። X + Y ደግሞ ((X + Y)')' ነው፤ ኦር ማለት ውጤቱ የተገለበጠ ኖር ነው። መገልበጫው በኤንድ ከበሩ በፊት፣ በኦር ግን ከበሩ በኋላ ይቀመጣል። ጠቅላላው ሥራ ይህን የቦታ ልዩነት መከታተል ነው፤ «ሁሉን በኖር ተካሁት» የሚለው ተማሪ የሚስተውም ይህንኑ ነው።

አሁን አንድ ሰርኪት እንውሰድና እስከ መጨረሻው እንሂድበት፦ F = A(B + CD) + E። አራት ደረጃ አለው። C እና D በኤንድ ይገናኛሉ፤ ውጤታቸው ከB ጋር ኦር ይሆናል፤ ያ ከA ጋር ኤንድ ይሆናል፤ በመጨረሻ ከE ጋር ኦር ይሆናል። ስዕሉን ከውጤቱ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። በእያንዳንዱ ኤንድ ግብዓቶች ላይ፣ በእያንዳንዱ ኦር ውጤት ላይ መገልበጥን የሚያመለክት ትንሽ ክብ አድርጉ። ከዚያ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ተመልከቱ። በአንድ ሽቦ ላይ ሁለት ክቦች ካሉ ይጣፋሉ። አንድ ክብ ብቻ ከቀረ ኢንቨርተር ያስፈልጋል፤ ሽቦው በቀጥታ ከግብዓት የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ግብዓቱን ራሱን ትገለብጡታላችሁ።

በእኛ ሰርኪት ክቦቹ የሚጣፉት በሁለተኛው ደረጃ ኦርና በሦስተኛው ደረጃ ኤንድ መካከል ባለው ሽቦ ላይ ነው። ከመጀመሪያው ኤንድ ወደ ኦር፣ ከሦስተኛው ደረጃ ኤንድ ወደ መጨረሻው ኦር በሚሄዱት ሽቦዎች ላይ ምንም ክብ የለም። ነጠላ ክብ የሚቀረው በC፣ በD፣ በA እና በመጨረሻው ውጤት ላይ ብቻ ነው። ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

```
N1 = (C' + D')' = CD
N2 = (B + N1)'  = (B + CD)'
N3 = (A' + N2)' = A(B + CD)
N4 = (N3 + E)'  = F'
N5 = (N4 + N4)' = F
```

B እና E እንዳልተገለበጡ አስተውሉ፤ ሁለቱም የሚገቡት ኦር በነበረው በር ነው። A፣ C እና D ግን ኤንድ ወደነበረው በር ስለሚገቡ ተገልብጠው ይገባሉ። የተገለበጡት ምልክቶች ከፍሊፕ ፍሎፕ ዝግጁ ሆነው ከመጡላችሁ አምስት ኖር ይበቃል። ካልመጡ ሦስት ኢንቨርተር ይጨመራል፤ ድምሩ ስምንት ባለ ሁለት ግብዓት ኖር ይሆናል። አንድ 7402 አራት ኖር ስለሚይዝ ሁለት ቺፕ ሳይተርፍ ሳይጎድል ያልቃል።

ስህተት ሲኖር የሠንጠረዡ መልክ ራሱ ይናገራል። 32ቱም ረድፎች ከተገለበጡ N5ን ረስታችኋል። Aን ሳትገለብጡ ካስገባችሁ ግን የሚሳሳቱት 10 ረድፎች ብቻ ናቸው፤ ሁሉም E = 0 በሆነበት በኩል ይገኛሉ። E = 1 ሲሆን F ምንጊዜም 1 ስለሆነ ከE በፊት ያለውን ጥፋት ሁሉ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ፈተናችሁን E = 0 አድርጋችሁ ጀምሩ። Bን በስህተት ከገለበጣችሁት ደግሞ A = 1፣ B = 1፣ C = 0፣ D = 0፣ E = 0 ስታስገቡ 1 መውጣት ሲገባው 0 ይወጣል።

ወረቀቱ ትክክል ሆኖ ሰሌዳው ላይ እንቢ ካለ መጀመሪያ እግሮቹን እዩ። የ7402 እግሮች አቀማመጥ ከናንዱ ቺፕ ከ7400 ይለያል። በ7400 የመጀመሪያው በር ግብዓቶቹ 1 እና 2፣ ውጤቱ 3 ነው። በ7402 ግን ውጤቱ 1፣ ግብዓቶቹ 2 እና 3 ናቸው። በ7400 የለመደ እጅ ሁለት ውጤቶችን ያጋጫል። ሌላው፣ የኖር ትርፍ ግብዓት የሚታሰረው ከግራውንድ ጋር ነው። ከአምስት ቮልቱ ጋር ካሰራችሁት በሩ ለዘላለም 0 ይሰጣል፤ ይህ ናንድ የለመዱ ሰዎች የሚያደርጉት ነው።

አንድ ሽቦ ወደ ሁለት ቦታ ሲከፈልም ተጠንቀቁ። N2 ወደ N3 ሲሄድ ክቦቹ ተጣፍተዋል። ያው (B + CD) ለሌላ ኦርም የሚያስፈልግ ከሆነ ግን በዚያኛው ቅርንጫፍ ላይ የሚጣፋበት ክብ የለም፤ ኢንቨርተሩ እዚያ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ይግባ። ከመከፈሉ በፊት ካስገባችሁት N3ን ታበላሻላችሁ።

እስካሁን ደረጃዎቹን ጠብቁ ስላችሁ ቆየሁ። ሆኖም ለዚህች ፋንክሽን ደረጃዎቹን ማፍረስ የተሻለ ነው። በስርጭት ሕግ ስትዘረዝሯት F = (A + E)(B + C + E)(B + D + E) ትሆናለች። የድምሮች ብዜት ደግሞ ለኖር የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱን ቅንፍ በኖር፣ የሦስቱንም ውጤት በአንድ ኖር ታጠቃልላላችሁ። አንድም ኢንቨርተር አያስፈልግም። በሮቹ አራት ናቸው፤ ሦስቱ ባለ ሦስት ግብዓት ስለሆኑ አንድ 7427 ይበቃቸዋል፤ አራተኛው ከ7402 ይወሰዳል። ምልክቱም ስድስት በር ማለፉ ቀርቶ ሁለት ብቻ ያልፋል። የአፖሎ መንኮራኩር ኮምፒውተርም ሎጂኩ የተገነባው ባለ ሦስት ግብዓት ኖርን እየደጋገሙ ነበር።

ይህ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። CD የነበረውን CD + GH አድርጉትና ዘርዝሩት። ከ(A + E) ሌላ ባለ አራት ግብዓት አራት ቅንፎች ይወጣሉ፤ የመጨረሻው ኖርም አምስት ግብዓት ይፈልጋል። ደረጃውን ከጠበቃችሁ ግን የሚጨመረው ለGH አንድ ኖርና ሁለት ኢንቨርተር ነው፤ N2 ደግሞ ባለ ሦስት ግብዓት ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ በወረቀት ዘርዝሩና ቅንፎቹን ቁጠሩ፤ ከዚያ ቺፕ ምረጡ።