የሞቀ ስጋ መልሰሽ ደብዳቤ ስትጽፊ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ትንሽ ሬስቶራንት አለኝ። ዛሬ ጠዋት 40 ኪሎ የበሬ ጭን በሁለት ትልልቅ ቁራጭ እና 12 ኪሎ የተፈጨ ስጋ መጣልኝ። ካርቶኑ ከስር ረጥቦ ሊቀደድ ደርሷል፣ ከተፈጨው ሁለቱ ላስቲክ ተከፍተዋል። ቴርሞሜትር ስወጋው ጭኑ መሃሉ 14 ዲግሪ ላዩ 8 አለ፣ የተፈጨው 11። ሹፌሩ "መኪናው 3 ነው የሚያሳየው፣ ፍሪጅ ስታስገቢው ይቀዘቅዛል" አለኝ፣ እኔ ግን አልቀበልም ብዬ መለስኩት። አሁን ደብዳቤውን "የላካችሁት ስጋ የተበላሸና ለጤና አደገኛ ነው፣ ሹፌራችሁም ግዴለሽ ነው" ብዬ ጀምሬያለሁ። እንዲህ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም እህቴ። መመለስሽ ትክክል ነው፣ ግን በዚህ ደብዳቤ በእጅሽ የገባውን ክርክር መልሰሽ ለነሱ ትሰጫቸዋለሽ። መጀመሪያ "የተበላሸ" የሚለውን ቃል አውጪው። መበላሸቱን በምን ታረጋግጫለሽ? ነገ ሄደው ያሸቱታል፣ ምንም ሽታ የለውም፣ ቀለሙም ደህና ነው፣ ስጋችን ጤነኛ ነው ብለው ሂሳቡን ይልኩልሻል። በሽታ የሚያመጣው ጀርም ደግሞ ብዙ ጊዜ ሽታም ቀለምም አይለውጥም ስለዚህ በማሽተት ክርክር ውስጥ ከገባሽ አትወጪም። አንቺ የመለስሽው ስለተበላሸ ሳይሆን መምጣት በሚገባው ሙቀትና አስተሻሸግ ስላልመጣ ነው፣ ደብዳቤው ይሄን ብቻ ይበል።

እኔ ወጥ ቤት ስጋ መረከብ ስጀምር እንደዚሁ "ስጋው ሞቅ ያለ ነበር" ብዬ ጽፌ አውቃለሁ፣ አቅራቢው "በስንት ዲግሪ?" ብሎ በአንድ መስመር መለሰልኝ፣ መልስ አልነበረኝም፣ ሂሳቡ ተከፈለ። አንቺ ግን ቁጥር አለሽ፣ ያውም በጣም የሚናገር ቁጥር።

መሃሉ 14 ላዩ 8 ማለት ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ስጋ መኪና ላይ ሲሞቅ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የሚሞቀው፣ የመኪናው ፍሪጅ ተበላሽቶ ወይ በሩ ተከፍቶ ቆይቶ ቢሆን ኖሮ ላዩ ሞቆ መሃሉ ቀዝቃዛ ሆኖ ታገኚው ነበር። ያንቺ ተገላቢጦሽ ነው፣ ውጭው እየቀዘቀዘ ነው መሃሉ ገና ነው። እንስሳው ሲታረድ ስጋው 38 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ እንደ ጭን ያለ ወፍራም ቁራጭ አጥንቱ ድረስ ለመቀዝቀዝ ጥሩ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ገደማ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ከሁሉም የሚቀርበው ምክንያት ሳይቀዘቅዝ ተቸኩሎ መጫኑ ነው። የመኪና ፍሪጅ ቀዝቃዛ የገባውን ቀዝቃዛ አድርጎ ለማቆየት ነው የተሰራው፣ ትኩስ የገባን ማቀዝቀዝ ስራው አይደለም። ሹፌሩ 3 ነው ያለው እውነቱን ሊሆን ይችላል፣ ግን እሱ የአየሩ ሙቀት ነው እንጂ የስጋው አይደለም። ለዚህ ነው ሹፌሩን ከደብዳቤው አውጪው የምልሽ፣ ምናልባት ምንም ጥፋት የለበትም፣ አንቺም እሱን ስትከሺ ዋናው ጥያቄ ማለትም ሲጫን ስንት ዲግሪ ነበር የሚለው ይጠፋል። እርግጥ አንድ ልኬት ማስረጃ እንጂ ፍርድ አይደለም፣ ስለዚህ "ሳይቀዘቅዝ ጫናችሁ" ብለሽ አትጻፊ፣ የመጫኛ መዝገባቸውን ጠይቂ።

የተፈጨው 11 ለኔ ከጭኑ 14 ይብሳል። ባልተቆረጠ ስጋ ጀርሙ በአብዛኛው ላዩ ላይ ነው፣ ሲፈጭ ግን ላዩ የነበረው ሁሉ ውስጥ ይገባል፣ መፍጫው ራሱም ያሞቀዋል። ለዚህ ነው የአውሮፓ ህብረት ህግ ለበሬ ስጋ እስከ 7 ዲግሪ ሲፈቅድ ለተፈጨ ከ2 አይበልጥ የሚለው። ብዙ ወጥ ቤት ለሁሉም 5 ይይዛል። ደብዳቤው ላይ ግን የምትጠቅሺው ያገርሽን ህግ ወይ ከነሱ ጋር ያለሽን ውል ቁጥር ነው፣ በየትኛውም ቢሆን 14 እና 11 አያልፉም።

"ፍሪጅ ሲገባ ይቀዘቅዛል" ለሚለው ደግሞ፣ ያንቺ ፍሪጅም እንደ መኪናው ነው፣ 40 ኪሎ ሞቃት ስጋ ብታስገቢበት ሰዓታት ይፈጃል እዚያ ያለውንም ሌላ ምግብ ያሞቅብሻል። በደንብ አብስይው ቢሉሽም አትስሚ፣ እንደ ስታፊሎኮከስ ያሉት ጀርሞች ሞቃት ቦታ ተራብተው መርዝ ከተዉ መርዙ ማብሰል አያጠፋውም።

አስተሻሸጉን ለብቻው በሌላ አንቀጽ ጻፊው፣ ከሙቀቱ ጋር አታደባልቂው። ምክንያቱም ቴርሞሜትርሽ ስህተት ነው ብለው ቢከራከሩ እንኳ የተከፈተ ላስቲክና የረጠበ ካርቶን ለብቻው መመለሻ ምክንያት ነው፣ ፎቶ ካነሳሽ ደግሞ ማንም አይክደውም። የረጠበ ካርቶን ማለት የስጋው ፈሳሽ ወጥቶ ካርቶኑን ነክቷል፣ ከካርቶኑ ያለው ቆሻሻም ወደ ስጋው መንገድ አግኝቷል ማለት ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

"ዛሬ (ቀን) ከጠዋቱ (ሰዓት) በርክክብ ሰነድ ቁጥር (...) የመጣውን 40 ኪሎ የበሬ ጭን እና 12 ኪሎ የተፈጨ ስጋ ሙሉ በሙሉ አልተቀበልንም። መኪናው በር ላይ እንዳለ ስንለካ ጭኑ መሃሉ 14፣ ላዩ 8፣ የተፈጨው 11 ዲግሪ ነበር። በውላችን ላይ ያለው ከፍተኛ ሙቀት (...) ዲግሪ ነው።

ከዚህ በተለየ የካርቶኑ ስር በፈሳሽ ረጥቦ ነበር፣ ከተፈጨው ሁለት ላስቲክ ተከፍተው ደርሰዋል። ፎቶ ተያይዟል።

ስጋው በዚያው መኪና ተመልሷል። ሂሳቡ እንዲሰረዝና የስረዛ ሰነድ እስከ (ቀን) እንዲላክልን፣ እንዲሁም ሲጫን መሃሉ ስንት ዲግሪ እንደነበር ከመዝገባችሁ እንድታሳውቁን እንጠይቃለን።"

በቃ፣ ከዚህ በላይ አያስፈልግም፣ ቁጣ የሚመስል ቃል አትጨምሪ። ዛሬውኑ ላኪው፣ ሁለት ቀን ከቆየ ለምን ያኔ አልነገርሽንም ይላሉ።

ከመላክሽ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጪ። አንዱ ቴርሞሜትርሽ ነው፦ ብርጭቆ በረዶ ሙዪበት፣ ትንሽ ውሃ ጨምረሽ በደንብ አማስለሽ መርፌውን ብርጭቆውን ሳይነካ መሃል አስገቢው፣ 0 ወይም በጣም ተጠግቶ ማሳየት አለበት። 2 ካሳየ 14ሽ በእውነት 12 ነው ማለት ነው፣ አሁንም ከልኩ በላይ ነው ግን ደብዳቤው ላይ ትክክለኛውን ጻፊ፣ በረዶ ላይ እንደፈተሽሽውም በአንድ መስመር ጨምሪ። ሌላው የርክክብ ሰነዱ ነው። ሹፌሩ ጋ ዝም ብለሽ ፈርመሽ ከሆነ ወረቀቱ ተቀብላለች ይላል፣ እንደዚያ ከሆነ አሁኑኑ ደውለሽ ተናገሪና ደብዳቤው ላይ "ፊርማው መድረሱን እንጂ መቀበሌን አያሳይም፣ ስጋው በዚያው መኪና ተመልሷል" ብለሽ አስገቢ። ለሚቀጥለው ከመፈረምሽ በፊት ሰነዱ ላይ ዲግሪውንና "አልተቀበልኩም" የሚለውን በእጅሽ ጻፊ፣ ሹፌሩም ከስሩ ይፈርም፣ ኮፒው አንቺ ጋ ይቅር።

በቫኪዩም የታሸገ ሲመጣልሽ ደግሞ እንዳትወጊው፣ ከወጋሽው ማሸጊያውን ያበላሸሽው አንቺ ትሆኛለሽ። ሁለት እሽግ አጣብቀሽ መርፌውን መሃላቸው አስገቢና ቁጥሩ እስኪቆም ጠብቂ፣ እዚያ ላይ ሞቅ ካለ ብቻ አንዱን ሹፌሩ እያየ ክፈቺ።