ቃሉ አለ፣ ርዕሱ ግን አይደለም

«ጤና ይስጥልኝ። ለማስተርስ ወደ ውጭ ለማመልከት አይኤልትስ እያጠናሁ ነው። ሪዲንግ ላይ ክፍት ቦታ መሙላቱን በደንብ እሠራለሁ። ለአንቀጾች ርዕስ ማዛመድ ሲመጣ ግን ከሰባት ሦስት ባገኝ ነው። ርዕሱ ላይ ያለውን ቃል አንቀጹ ውስጥ ፈልጌ አገኘዋለሁ፤ መልሱ ግን ሌላ ይሆናል። የት ነው የምሳሳተው?»

ችግሩ የመጣው ጎበዝ ከሆንሽበት ቦታ ነው። ክፍት ቦታ ስትሞዪ ቃል ታድኛለሽ። እዚያ ልክ ነሽ፤ የምትፈልጊው አንድ ዓረፍተ ነገር ነዋ። ርዕስ ግን የሚጠይቅሽ ስለ ሙሉው አንቀጽ ነው። ጥያቄ አውጪዎቹም ቃል እንደምታድኚ ያውቃሉ። ስለዚህ ትክክለኛውን ርዕስ ብዙ ጊዜ በሌላ ቃል ይጽፉታል፤ የአንቀጹን ቃላት ደግሞ ለተሳሳቱት ርዕሶች ያድሏቸዋል። የርዕሶቹ ቁጥር ከአንቀጾቹ የሚበልጠውም ለዚሁ ነው።

ፈተናው በእንግሊዝኛ ቢሆንም፣ ወጥመዱ እንዲታይሽ አንድ አጭር አንቀጽ በአማርኛ ልጻፍልሽ።

«እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ የጎማ ፋብሪካዎች እንደ አሸን ፈሉ። ውሃ የማያስገባ ጫማና ካፖርት ብዙ ሰው ፈለገ። ግን ሙቀት ሲመጣ ጎማው ቀልጦ ተጣበቀ፤ በብርድ ጊዜ ደግሞ ደርቆ ተሰነጠቀ። ደንበኞች ዕቃውን መለሱ፣ ፋብሪካዎችም ተዘጉ። ቻርልስ ጉድይር ለዓመታት ጎማን ከተለያዩ ነገሮች ጋር ሲቀላቅል ቆየ። በ1839 ከድኝ ጋር ቀላቅሎ ሲያግለው፣ ሙቀትም ብርድም በቀላሉ የማይበግረው ጎማ አገኘ። በኋላ የመጡት የተሽከርካሪ ጎማዎች የተሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው።»

ሦስት ርዕስ ቀርቦልሻል እንበል።

ሀ. የጎማ ፋብሪካዎች መስፋፋት
ለ. የአየር ጠባይ ያበላሸው ምርት
ሐ. የአንድ ቁስ ድክመት እንዴት ተወገደ

ቃል የሚያድን ሰው «ሀ»ን ይመርጣል። «ጎማ» አለ፣ «ፋብሪካ» አለ፣ ያውም ገና የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ። ግን ፋብሪካዎቹ በአራተኛው ዓረፍተ ነገር ተዘግተዋል። መስፋፋቱ መንደርደሪያ ብቻ ነበር። «ዋናው ሐሳብ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው» የሚለውን ምክር በጭፍን የሚከተል ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር «ግን» ብሎ ከጀመረ፣ የጸሐፊው ጉዳይ ያለው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ወዲህ ነው።

ይበልጥ ተንኮለኛው «ለ» ነው፤ እውነት ነዋ! የአየር ጠባይ ምርቱን አበላሽቷል። ከመጀመሪያው ወጥመድ ያመለጡትን የሚይዛቸው ይሄ ነው። እዚህ ላይ ርዕሱ የሚሸፍናቸውን ዓረፍተ ነገሮች በእርሳስ ሰርዣቸው። መንደርደሪያውን ብንጨምርለት እንኳ «ለ» አራቱን ብቻ ይሸፍናል። ጉድይር፣ ድኙና የተሽከርካሪው ጎማ ባለቤት አጥተው ይቀራሉ። ከሰባት ዓረፍተ ነገር ሦስቱ ሜዳ ላይ ከቀሩ ርዕሱ ጠቧል ማለት ነው።

አሁን «ሐ»ን ሞክሪ። የመጀመሪያዎቹ አራት ዓረፍተ ነገሮች ድክመቱን ያሳያሉ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ እንዴት እንደተወገደ። የተረፈ የለም። ደግሞ ልብ በይ፤ ከ«ሐ» ቃላት አንዱም አንቀጹ ውስጥ የለም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ልምምድሽ ቅደም ተከተሉን ገልብጪው። ብዙ አስተማሪዎች መጀመሪያ ርዕሶቹን አንብቡ ይላሉ። እኔ አልስማማም፤ አንቺን ለመሰለ ቃል አዳኝ ማጥመጃውን አስቀድሞ መዋጥ ነው። ርዕሶቹን በወረቀት ሸፍኚ። አንቀጹን አንብቢና ጸሐፊው ምን እያደረገ እንደሆነ በአራት አምስት ቃል ዳር ላይ ጻፊ፤ ለምሳሌ «ጎማ ተበላሸ፣ መላ ተገኘ»። ርዕሶቹን የምትገልጪው ከዚያ በኋላ ነው። ስትገልጫቸውም ዓይንሽ «ጎማ» ላይ አይረፍ። «መስፋፋት»፣ «ያበላሸው»፣ «ተወገደ» የሚሉት ናቸው ርዕሶቹን የሚለያዩት።

አዎ፣ ጊዜ ይፈጃል። 60 ደቂቃ ለ40 ጥያቄ ነው ያለሽ። ግን ይህን ጥያቄ ከምንባቡ ሌሎች ጥያቄዎች አስቀድመሽ ብትሠሪው፣ የትኛው አንቀጽ ስለምን እንደሆነ ስለምታውቂ ለቀሪዎቹ ፍለጋው ይቀልልሻል። አጫጭሮቹን አንቀጾች አስቀድሚ። ሁለት ርዕስ ካምታታሽ ሁለቱንም ጽፈሽ እለፊ፤ አትሟገቺ።

ብዙውን ጊዜ አንድ ርዕስ የሚያገለግለው አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን ስትስቺ የሌላውን አንቀጽ ርዕስ ነጥቀሽ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሁለት ነጥብ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ የሚገጥመው ርዕስ ያጣ አንቀጽ ከቀረሽ፣ እሱ ላይ አትድከሚ። ወደ ኋላ ተመለሺና ቃል አይተሽ በችኮላ የወሰንሽውን አንቀጽ ፈልጊ። የጠፋው ርዕስ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚገኘው።