በመሳቢያው ውስጥ የቀሩት ኪኒኖች

ባለፈው ሳምንት አንዲት ኢንተርን ከራውንድ በኋላ ጠብቃ ያዘችኝ። «ዶክተር፣ ስታቲን ሳዝ የጡንቻ ህመም ሊያመጣ እንደሚችል ብነግረው ታካሚው መድኃኒቱን ይተወዋል። ካልነገርኩት ደግሞ ያታለልኩት ይመስለኛል። የቱ ይሻላል?» አለችኝ። ያኔውኑ ስልኬ ጠራ። ሰበብ አገኘሁና ሄድኩ። የሸሸሁት ግን ጥያቄዋን አልነበረም። ጥያቄው ያስታወሰኝን ሰው ነው።

ሰውዬው ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው 61። ሃርት አታክ ይዟቸው አልጋ ላይ ሰነበቱና ወጡ። ከዚያ በተመላላሽ ክፍል የማያቸው እኔ ነበርኩ። ከአስፕሪኑና ከደም ግፊቱ መድኃኒት ጋር ኮሌስትሮል የሚያወርደው ስታቲን፣ አቶርቫስታቲን 40 ሚሊግራም ታዘዘላቸው። መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል፣ ኤል ዲ ኤል፣ መጀመሪያ 158 ነበር። በስድስተኛው ሳምንት 76 ገባ። ደስ አለኝ።

ከዚያ አንድ ቀን መጡና «ዶክተር፣ ጭኔን ያመኛል። ጎረቤቴ ይሄ የስብ ኪኒን ጡንቻ ይበላል አለኝ» አሉ። ኮሪደሩ በሰው ጢም ብሏል። ጠረጴዛዬ ላይ ካርድ ተቆልሏል። ቀና እንኳ ሳልል «የመድኃኒቱ አይደለም ጋሼ፣ የዕድሜ ነው» አልኳቸው። «እሺ ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ። ነገሩ አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ኤል ዲ ኤሉ 149 ሆኖ መጣ። «መድኃኒቱን ይወስዳሉ?» አልኳቸው። «እወስዳለሁ» አሉኝ። እኔም መጠኑን ወደ 80 አሳደግኩት።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የስታቲን መጠን በእጥፍ ሲጨመር ኤል ዲ ኤልን ተጨማሪ 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የሚያወርደው። ከ76 ተነስቶ ወደ ቀድሞ ቦታው ሊደርስ የተቃረበ ቁጥር «መጠኑ አነሰ» እያለ አይደለም። «ሰውነቴ ውስጥ መድኃኒት የለም» እያለ ነው። ወረቀቱ ይህን እየጮኸ ይነግረኛል፤ እኔ ደግሞ እስኪርቢቶ አንስቼ ኪኒን እጨምራለሁ።

ከአራት ወር በኋላ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ገቡ። ሁለተኛው ሃርት አታክ ነበር። ከሞት ተረፉ፤ የልባቸው አቅም ግን ወደ ድሮው አልተመለሰም። በሦስተኛው ቀን ባለቤታቸው አንድ ፌስታል ይዘው መጡ። ውስጡ ያልተከፈቱ የመድኃኒት ፓኬቶች ነበሩ፤ ከታች የ40ዎቹ፣ ከላይ የ80ዎቹ። ከስፌት መኪናው መሳቢያ፣ ከአዝራርና ከክር መሃል ነው ያገኟቸው። በየወሩ ብር ከፍለው ገዝተዋል። ግን አልዋጡም።

ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «እርስዎ የመድኃኒቱ አይደለም አሉኝ። እኔ ደግሞ የመድኃኒቱ መሰለኝ። ልከራከርዎት አፈርኩ» አሉ። መግዛቱንም ያልተውት እኔን ላለማስቀየም ነው። ይሉኝታ እንዲህ ያለ ጉድ ይሠራል።

ያን ቀን ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከወራት በፊት መጠየቅ የነበረብኝን አሁን ጠየቅኩ። የትኛው እግር ነው? ቀኙ። ግራው? ደህና ነው። መቼ ጀመረ? ለፋሲካ ሰሞን፣ ሁለት ወር አርፈው ወደ ሥራ ሲመለሱ፣ የበዓል ልብስ ተደራርቦባቸው። መኪናውን የሚረግጡት በየትኛው እግር ነው? ትንሽ ዝም አሉና የቀኝ እግራቸውን አዩት። ቀጠልኩ። «ኪኒኑን ካቆሙ በኋላስ ተሻለዎት?» አሰቡ፣ አሰቡና «አልተሻለኝም» አሉ።

የስታቲን የጡንቻ ህመም አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ጎን ይይዛል። ጭን፣ መቀመጫ፣ ባት፣ ትከሻ፤ ትልልቆቹን ጡንቻዎች ማለት ነው። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ በጨመረ በሳምንታት ውስጥ ይመጣል። ሲቆም ደግሞ በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይለቃል። የጋሼ ህመም አንድ ጎን ብቻ ነበር። መድኃኒቱ ከቆመም በኋላ አብሯቸው ሰነበተ። የጡንቻ ጉዳት የሚያሳየውን የሲኬ ምርመራ ቀደም ሲል ላዝዘው ይገባ ነበር፤ የእንቅርት ሆርሞንንም እንዲሁ። ሆርሞኑ ካነሰ በራሱ ጡንቻ ያሳምማል፣ ኮሌስትሮልም ከፍ ያደርጋል። ሁለቱንም አሠራን፤ የእንቅርቱ ደህና ነበር። ሲኬው ግን ሃርት አታኩም ስለሚያሳድገው ያን ጊዜ ብዙ አልረዳንም።

እንግዲህ «የመድኃኒቱ አይደለም» ያልኩት ልክ ነበር ማለት ነው። እስካሁን የሚያበሳጨኝ ይህ ነው። ልክ ነበርኩ፤ ለእሳቸው ግን አንዲት ነገር አልፈየደላቸውም።

ከዚያ ጋሼ ጥያቄያቸውን አመጡ። «እኔ ፆመኛ ነኝ። ሥጋም በዓመት በዓል ነው። ይሄ ስብ ከየት መጣ?» አሉ። ይህን ጥያቄ ሁላችሁም ትሰሙታላችሁ። ኮሌስትሮል በአብዛኛው ሰውነት ራሱ የሚሠራው ነው፤ ጉበት ደግሞ ዋናው ሠሪ ነው። ግን ለልብስ ሰፊ እንዴት ይነገራል? «ጋሼ፣ ክሩን ቤትዎ ራስዎ የሚፈትሉ ቢሆንና እንዝርቱን ብቀማዎት ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው። «ከገበያ እገዛለሁ።» «ጉበትዎም እንዲሁ ነው። ኪኒኑ እንዝርቱን ይይዝበታል። ጉበት ክር ሲያጣ ወደ ገበያ ይወጣል። ገበያው ደምዎ ነው። ከደም ስብ እየለቀመ ሲያስገባ ደሙ ከስብ ይጠራል፤ የልብ ስር ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውም ይቀንሳል።» ሳቁ። «ታዲያ እንዝርት መቀማት ነው እንጂ ጡንቻ መብላት የለበትም በሉኛ!»

ለእናንተ ስሙን ልጥራው። እንዝርቱ ኤች ኤም ጂ ኮኤ ሪዳክቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ነው። ገበያ የሚወጡት እጆች ደግሞ ጉበት ላይ ያሉት የኤል ዲ ኤል ተቀባዮች ናቸው። ብራውንና ጎልድስታይን በ1985 ኖቤል ያገኙት በእነዚህ ተቀባዮች ሥራ ነው። የመጀመሪያውን ስታቲን ያገኘው ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ ነው፤ በ1970ዎቹ፣ ከሻጋታ። እኛ ከእንጀራ ላይ ቆርጠን የምንጥለውን ዓይነት ነገር እሱ በሺዎች የሚቆጠር ዝርያ አንድ በአንድ ፈተሸ። መጠን ማሳደግ ለምን ብዙ እንደማይጨምርም ከዚሁ ይገባችኋል። ጉበት ሞኝ አይደለም፤ እንዝርቱ ሲያዝበት ሌላ እንዝርት ይሠራል።

አሁን ወደ ኢንተርኗ ጥያቄ ልመለስ። በ2020 የታተመ፣ ለንደን ውስጥ የተሠራ ሳምሶን የሚባል ጥናት አለ። በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ስታቲን ያቆሙ 60 ሰዎች ለአንድ ዓመት ተከታተሏቸው። አራት ወር እውነተኛ ኪኒን፣ አራት ወር ባዶ ኪኒን፣ አራት ወር ምንም፤ ወሮቹ ተቀላቅለው። የትኛው ወር ኪኒኑ እውነተኛ እንደሆነ ሰዎቹ አያውቁም። በእውነተኛው ኪኒን ወራት ከተሰማቸው ህመም 90 በመቶው ያህል በባዶውም ኪኒን ወራት ተሰማቸው። ውጤቱ ከተነገራቸው በኋላ ግማሾቹ ወደ መድኃኒቱ ተመለሱ።

ይህን ስታነቡ «ህመሙ የለም» ብላችሁ እንዳትደመድሙ። ህመሙ አለ፤ ያማል። ምንጩ ግን ብዙ ጊዜ «ያመኛል» ብሎ መጠበቁ ነው። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የጡንቻ ህመምን አላነሳም፤ መድኃኒቱ ምን እንደሚሠራላቸው ነው የምነግራቸው። ግን ቲክቶክ ላይ አይቶ የመጣ ታካሚ ከሆነ በዚያው እጀምራለሁ። አሁን ደግሞ ሁሉም አይቶ ነው የሚመጣው! ስለዚህ በተግባር ሁሌም ከህመሙ እጀምራለሁ ማለት ነው። የምለው እንዲህ ነው። «አንዳንድ ሰው ጡንቻውን ያመዋል። አብዛኛው ጊዜ ኪኒኑ አይደለም፤ አልፎ አልፎ ግን ነው። ካመመዎት በራስዎ አያቁሙ፤ ይምጡና አብረን እናጣራው። ከሆነም መጠን እንቀንሳለን ወይም በሌላ እንለውጣለን።» የሚረባው «ይምጡና አብረን እናጣራው» የሚለው ነው። ጋሼ ያጡት እሱን ነበር፤ ህመሙን ይዞ ለመመለስ ፈቃድ።

ይህን ከተማርኩ በኋላ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። አንዲት ሲምቫስታቲን የምትወስድ ሴት ስልክ ደውላ «ሰውነቴ ተቆራረጠ» አለችኝ። «አይዞሽ፣ ቀጥዪ» አልኳት። በሁለተኛው ቀን ልጇ ደግፎ አመጣት። ከዱካ መነሳት አልቻለችም። ፀጉሯን ለማበጠር እጇ ወደ ላይ አይሄድም። ሽንቷ ጥቁር ሻይ መስሏል። ለካ ከሳምንት በፊት ሌላ ክሊኒክ ለጨጓራ ባክቴሪያ ሦስቱን መድኃኒት ጀምረውላታል፤ አንዱ ክላሪትሮማይሲን ነው። እሱ ጉበት ሲምቫስታቲንን የሚያስወግድበትን መንገድ ይዘጋል፤ መድኃኒቱ ደም ውስጥ እጥፍ ድርብ ይሆናል። ሲኬዋ ሰማይ ነክቶ ነበር። ስታቲኑን አቁመን በደም ስር ፈሳሽ ሰጠናት፤ ኩላሊቷ ተረፈ።

እንዲህ ያለው ነገር በጣም ጥቂት ነው። ግን ጨጓራ በየቤቱ ባለበት አገር ክላሪትሮማይሲን የምታዝዙም የምታድሉም «የኮሌስትሮል ኪኒን ይወስዳሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲምቫስታቲን ከሆነ የጨጓራው እስኪያልቅ ይቁም። አቶርቫስታቲንም በልኩ ይታሰብበት። ታካሚውም ህመምን ከድክመት መለየት አለበት፦ መነሳት ካቃተው ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ቀጠሮ አይጠብቅ፣ ኪኒኑን አቁሞ በዚያው ቀን ይምጣ። በራስዎ አያቁሙ ያልኩት እዚህ ላይ አይሠራም። የዛሬ ልጆች በሽተኛ ፊት ስልክ ስትነካኩ እናደዳለሁ። የመድኃኒት መጋጨት የምታዩበት ከሆነ ግን ንኩት፤ ያን ጊዜ እኔ ብነካው ኖሮ።

ለጋሼ ሮሱቫስታቲን 10 ጀመርንላቸው። ሙሉ መጠን ሊገባቸው ይችል ነበር፤ ግን የማይዋጥ 20 ከሚዋጥ 10 አይበልጥም ብዬ ነው። የመኪናውንም ፔዳል በግራ እግር እያቀያየሩ እንዲረግጡ ተስማማን። ከስድስት ሳምንት በኋላ ኤል ዲ ኤሉ 84 መጣ። «ይወስዳሉ?» አላልኳቸውም። «ባለፉት ሰባት ቀናት ስንቱ አለፈዎት?» አልኳቸው።

ጣታቸውን አጠፉ። «ሁለት። የእህቴ ልጅ ሰርግ ነበር፤ ኪኒኑን ቤት ረስቼው ሄድኩ።»

ካርዱ ላይ «ሁለት» ብዬ ጻፍኩ።