ዝተቱ ለምን ድርሰት ሆነብሽ?

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት። አጭር ልቦለድ ልጽፍ እቀመጣለሁ፣ ገጹ ባዶ ይቀራል። በተወሰኑ ቃላት ብቻ ጻፉ የሚል ምክር አይቼ ዝርዝር አወረድኩ፤ ሕይወት፣ ተስፋ፣ ጨለማ፣ ጉዞ እያለ ይሄዳል። ሁለት መስመር ላይ ቆምኩ፣ ዝርዝሩንም ቀየርኩት። ቀጥዬ አንድ ዕቃ ልያዝ ብዬ የመንዝ ዝተት መረጥኩ፤ እሱ ደግሞ ስለ ዝተት ጥቅም የተጻፈ ድርሰት ሆነብኝ። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ የጻፍሽውን ባላየውም አንድ ነገር እጠረጥራለሁ። ወረቀቱን አውጪና የዓረፍተ ነገሮችሽን መጨረሻ ብቻ አንብቢ። አብዛኞቹ በ«ነው» ወይም በ«ነበር» የሚያልቁ ከሆነ ችግሩ እዚያ ነው። ዝተቱ ምንም አላጠፋም።

ያወረድሽው ዝርዝር ግን አናደደኝ። እንዲህ ያለ ዝርዝር ሰው ሁሉ ይለጥፋል፣ አንድም የሚዳሰስ ነገር የለበትም። በ«ተስፋ» ማንም ምንም ሊያደርግ አይችልም። ግስ ደግሞ ጭራሽ የለውም። ከዚያ ሲያቅትሽ መሃል ላይ ቀየርሽው፤ ይሄ ከዝርዝሩም የባሰ ጥገና ነው። የጀመርሽው ረቂቅ ሳያልቅ ደንቡን አትንኪ!

አሁን ግሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ስትጽፊ መድረሻሽን ካላወቅሽ እጅሽ ቅርብ ያለውን «ነው» ይይዝና ዓረፍተ ነገሩን ይዘጋዋል። «ዝተት ከበግ ጠጉር የሚሠራ ልብስ ነው።» አለቀ፣ ቀጥሎ የሚጠየቅ ነገር የለም። «ደበቀችው» በይ እስቲ። በዚህ አንድ ቃል ውስጥ አንዲት ሴት አለች፣ የተደበቀ ነገር አለ፣ ያልተጠራ ሦስተኛ ሰውም አለ፤ ምክንያቱም ከሰው ካልሆነ ከማን ትደብቃለች? ግሱን አስቀድመሽ ከያዝሽ መድረሻው ታወቀ፣ የሚቀርሽ ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ መፈለግ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ፓሪስ ውስጥ ኡሊፖ የሚባል የጸሐፊዎችና የሒሳብ ሰዎች ስብስብ ተመሥርቶ ነበር፣ ሥራቸው እንዲህ ያለ ደንብ መፍጠር ነው። ከአባላቱ አንዱ ዦርዥ ፔሬክ በ1969 «e» የምትባለውን ፊደል አንዴም ሳይጠቀም ሙሉ ልቦለድ አሳተመ። «e» ደግሞ በፈረንሳይኛ ከሁሉም በላይ የምትደጋገም ፊደል ናት። ትምህርቱ እዚህ ጋ ነው፦ እጅሽ ሳያስብ የሚሄድበትን ነገር ከልክዪው። ለኛ እሱ «ነው» ነው።

ስለዚህ ዝተቱን መልሰሽ ያዢ። ስድስት ግስ ጻፊ፦ አበደረ፣ ዘገየ፣ አጠፈ፣ ሸተተ፣ ቆጠረ፣ ደበቀ። ሁለት የሚዳሰስ ስም ጨምሪበት፣ በርና ገበያ ይበቃሉ። እያንዳንዱ ግስ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዝጋ፣ እንደፈለግሽ አርቢው። በ«ነው» እና በ«ነበር» የሚያልቅ ዓረፍተ ነገር ክልክል፣ ሰው ሲናገር ብቻ ይፈቀዳል። ሰዓት ለሃያ አምስት ደቂቃ ሙዪና ጻፊ። እኔ ብሞክረው እንዲህ ይወጣል፦

«ጎረቤት ልቅሶ ሲደርስባት ዘነበች ዝተቷን አበደረቻት። ዝተቱ ከተባለው ቀን ዘገየ። አንድ ማለዳ በሩን ስትከፍት ደፉ ላይ አገኘችው፣ እሷ በማታውቀው አስተጣጠፍ አጥፈውታል። ስትዘረጋው የወንድ ሽቶ ሸተታት። ልቅሶ ቤት ያደሩትን እንግዶች አንድ በአንድ ቆጠረች። ባሏ ከገበያ ሳይመለስ ዝተቱን ከአልጋው ሥር ደበቀችው።»

ለምን እንደደበቀችው ስጀምር አላውቅም፣ «ደበቀ» ዝርዝሩ ውስጥ ስላለ ነው የመጣው። ልቦለዱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። «ቆጠረ» አልመጣልሽ ብሎ በ«አሰበ» ልትተኪው ያምርሻል፣ ሁሉም ሰው እዚህ ጋ ነው የሚያበላሸው። አትተኪው። እንግዶቹ የመጡት እኮ «ቆጠረ» የሚቆጠር ነገር ስለፈለገ ነው። እደግመዋለሁ፣ ረቂቁ ሳያልቅ ደንቡን አትንኪ።

ካለቀ በኋላ ግን ደንቡ ሥራውን ጨርሷል። ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ ምላስሽ የሚደናቀፍበት ቦታ ላይ በግድ የገባ ቃል ይኖራል። ያኔ አውጪው፣ «ነበር»ም ካስፈለገ ይመለስ።

በዚህ ደንብ ጽፈሽም ድርሰት ድርሰት ካለብሽ ዕቃውን ቀይሪ፣ ግን ለሚቀጥለው ረቂቅ። ምናልባት ዝተት ለብሰሽው አታውቂም፣ ስለ መንዝ ስትሰሚ ነው የመረጥሽው። እንዲያ ከሆነ በእጅሽ የምታውቂውን ያዢ፤ ክዳኑ የጠፋ ጀበናም ይሁን፣ አንዴ ገፋ ካላሉት የማይከፈት የግቢ በር።