ጥር 7 ወይስ ጃንዋሪ 7?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የልጄ ትምህርት ቤት የ2019 የትምህርት ዘመን መርሐ ግብር በሠንጠረዥ ሰጥቶናል። ግራው ዓምድ «ዓ.ም.»፣ ቀኙ «እ.ኤ.አ.» ይላል። በገና መስመር ላይ በግራ «ታኅሣሥ 29»፣ በቀኝ «ጥር 7 ቀን 2027 ዓ.ም.» ተጽፏል። ባለቤቴ ቀኙን ብቻ አይቶ «ትምህርት የሚዘጋው ጥር 7 ነው» ብሎ ድርቅ አለ። እንዲህ ተብሎ ይጻፋል?

መልስ፦ አይጻፍም። ግን ባለቤትዎን አይቆጧቸው፤ ያነበቡት በትክክል ነው። ያጠፋው ጸሐፊው ነው።

ጥር የጃንዋሪ ትርጉም አይደለም። ጥር የራሱ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ወር ነው። በ2019 ዓ.ም. ጥር 1 የሚውለው ጃንዋሪ 9 ቀን ነው። ስለዚህ ጃንዋሪ 7 ገና ታኅሣሥ ውስጥ ነን ማለት ነው። በሠንጠረዡ ላይ የተጻፈውን «ጥር 7» እንደ ወረደ ከወሰድነው ደግሞ ጃንዋሪ 15 ላይ ያርፋል። ልጁ ገናን ክፍል ውስጥ ሊያሳልፍ፣ በሳምንቱ ደግሞ ያለ ምክንያት ቤት ሊቀመጥ ነው።

ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ግልጽ ነው። ጃንዋሪ አብዛኛው ክፍሉ ጥር ላይ ስለሚደረብ «ያው ጥር ነው» እንላለን። በወሬ መሀል ይሁን። ቁጥር ሲከተለው ግን ነገር ይበላሻል፤ በሁለቱ መካከል እንደ ወሩና እንደ ዓመቱ ከስድስት እስከ ዐሥራ አንድ ቀን የሚደርስ ልዩነት አለ። በዚያ ላይ እነሱ ዐሥራ ሁለት ወር አላቸው፣ እኛ ዐሥራ ሦስት። ዐሥራ ሁለቱን ለዐሥራ ሁለት ካዳረስን ጳጉሜን የት ትግባ?

አሜሪካ የምትኖር እህቴ አንድ ጊዜ ከልጆቿ ትምህርት ቤት በአማርኛ የተተረጎመ ወረቀት ደርሷት ነበር። ትምህርት የሚጀመረው «ነሐሴ 31» ይላል። ነሐሴ 31 የሚባል ቀን የለም፤ ወሮቻችን ከሠላሳ አያልፉም። እንዲያውም ያ 31 ባለውለታ ነው፤ ስህተቱ ወዲያው ታወቀ። «ነሐሴ 25» ቢሆን ኖሮ ማንም ሳይጠረጥር ያልፍ ነበር። የኒው ዮርኩን የ2001 ጥቃት «የመስከረም 11 ጥቃት» የሚሉም አሉ። የደረሰው በእኛ መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት ነው።

ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፤ የወር ስም ከነአቆጣጠሩ ይሄዳል። በአውሮፓ ዓምድ ውስጥ ጃንዋሪ፣ ማርች፣ ሴፕቴምበር ይጻፍ። «የባዕድ ቃል ነው» ብለው የሚቆጡ ይኖራሉ። እኔ ግን እዚህ ላይ አልስማማም፤ አማርኛ እነዚህን ስሞች ከተዋሰ ቆይቷል።

በቁጥር ብቻ መጻፍ ደግሞ የባሰ ነው። 07/05 ሲባል አምስተኛው ወር ለእኛ ጥር ነው፣ ለእነሱ ሜይ።

አሁን ወደ ምሕጻረ ቃላቱ። «እ.ኤ.አ.» እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ማለት ነው። ከዓመቱ በፊት ይገባል፦ «እ.ኤ.አ. በ2027»። «ዓ.ም.» ዓመተ ምሕረት ነው፣ ከዓመቱ በኋላ ይመጣል፦ «በ2019 ዓ.ም.»። ሁለቱን አንድ ላይ ማሰር፣ «እ.ኤ.አ. በ2027 ዓ.ም.» ማለት፣ በጋዜጣም በሬዲዮም የተለመደ ነው። በቃሉ ፍቺ ከሄድን ፍጹም ስህተት ነው ለማለት ይከብደኛል፤ የእነሱም ቁጥር መነሻው የክርስቶስ ልደት ነውና። ግን ዛሬ አንባቢ «ዓ.ም.» ሲያይ የእኛን አቆጣጠር ነው የሚያስበው። ሁለት ዓምድ ጎን ለጎን በቆመበት ቦታ ምልክቱን ለሁለቱም መስጠት ምልክት አልባ ከማድረግ አይለይም። ቦታ ካለ ምሕጻሩን ጥሎ በአናቱ ላይ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» እና «በአውሮፓ አቆጣጠር» ማለት ይሻላል። «በፈረንጆች» ማለትም ያግባባል፤ ለታተመ ወረቀት ግን ትንሽ የሰፈር ወሬ ይመስላል። «ጎርጎርዮሳዊ» ከሁሉም የጠራው ስም ነው፤ አቆጣጠሩ እ.ኤ.አ. በ1582 ካወጁት ጳጳስ ከጎርጎርዮስ 13ኛ የመጣ ነው። ሆኖም ስንቱ ወላጅ ያውቀዋል?

እኔ ብሠራው እንዲህ አደርገው ነበር፦

| ጉዳዩ | ዕለት | በኢትዮጵያ አቆጣጠር | በአውሮፓ አቆጣጠር |
|---|---|---|---|
| ምዝገባ ይጀመራል | ሰኞ | ነሐሴ 18፣ 2018 | ኦገስት 24፣ 2026 |
| ገና | ሐሙስ | ታኅሣሥ 29፣ 2019 | ጃንዋሪ 7፣ 2027 |
| ጥምቀት | ማክሰኞ | ጥር 11፣ 2019 | ጃንዋሪ 19፣ 2027 |
| የዓድዋ ድል | ማክሰኞ | የካቲት 23፣ 2019 | ማርች 2፣ 2027 |

የምዝገባው ቀን ለምሳሌ ያህል ነው። መሀል ላይ ያለውን የዕለት ዓምድ ግን ልብ ይበሉት። ሐሙስ በሁለቱም አቆጣጠር ሐሙስ ነው። የእርስዎ ሠንጠረዥ «ሐሙስ» የሚል ቢኖረው ባለቤትዎ ስልካቸውን ከፍተው ጥር 7 ዓርብ መሆኑን ያዩና ክርክሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

ዓመቱንም በየመስመሩ የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ አቆጣጠር ትምህርት መስከረም ተከፍቶ ሰኔ ስለሚዘጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ያልቃል፤ «የ2019 የትምህርት ዘመን» ብንል ይበቃል። በእነሱ ግን ዓመቱ መሀል ላይ ስለሚለወጥ «2026/27» ይባላል። ይህን እዝባር ቀድተው «2019/20 ዓ.ም.» የሚሉ ትምህርት ቤቶች አይቻለሁ። 2020 እኮ የሚገባው ልጆቹ ክረምቱን ካረፉ በኋላ ነው! ምዝገባው ደግሞ በተቃራኒው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ርእሱ 2019 ቢልም ነሐሴና ጳጉሜን ያሉት በ2018 ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በሚቀጥለው ዓመት ይመጣል። 2019 ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2020 የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ነው። ከዚያ በኋላ እነሱም ፌብሩዋሪን 29 እስኪያደርጉ ድረስ ሁለቱ ዓምዶች በአንድ ቀን ይንሸራተታሉ። ጥምቀት ጥር 11ን አይለቅም፤ በቀኝ በኩል ግን ጃንዋሪ 20 ይሆናል። ገና በተቃራኒው ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ይከበራል፣ በቀኝ ያው ጃንዋሪ 7 ነው። ዓድዋ ሲደርስ ሁሉም ቦታው ይመለሳል፤ የካቲት 23 እንደገና ማርች 2 ነው። የዘንድሮውን ሠንጠረዥ ገልብጠው ዓመቱን ብቻ ከቀየሩት ለማወቅ መስቀልን ይመልከቱ። መስከረም 17 አጠገብ ሴፕቴምበር 27 ካለ ተገልብጧል። 28 መሆን ነበረበት።