«ይቆረጥ» እና «እንዳይነካ»፦ የሠርግ ፊልም ያጣላቸው ባልና ሚስት

ጥያቄ፦ ከተጋባን ሦስት ወራችን ነው፤ የምንኖረው አራት ኪሎ ነው። ኤዲተሩ የ45 ደቂቃ የሠርግ ፊልማችንን እንድናየው ላከልንና የሚስተካከለውን ከነደቂቃው በኢሜይል ጻፍንለት። እኔ 00:18:40 ላይ አማቴ ጉልበታቸውን ስንስም እያለቀሱ «ልጄን ወሰደችብኝ» ያሉት ይቆረጥ አልኩ። ባለቤቴ ከሥሩ «18:40 እንዳይነካ፤ 00:09:15 ላይ ወንድሞቿ በር ይዘው የቀለዱብኝ በሙሉ ይውጣ» ብሎ ጨመረ። ኤዲተሩ «ተስማሙና ላኩልኝ» አለን። ከዚያ ወዲህ ፊልሙ በተነሳ ቁጥር እንጣላለን። ማናችን እንሸነፍ?

መልስ፦ እህቴ፣ ማንም ሳይሸነፍ የሚያልቅ ነገር ይመስለኛል። ችግሩ ሁለታችሁም የጻፋችሁት ውሳኔ ብቻ መሆኑ ነው፤ ምክንያቱ የለም። ምክንያት የሌለው «ይቆረጥ» ለኤዲተሩ ሥራ ነው፤ ለባለቤትሽ ግን «እናትህ ከፊልሜ ይውጡልኝ» ይመስላል። አንቺም «እንዳይነካ» የሚለውን ስታነቢ «የተባልሽው ተገቢ ነው» ያለሽ ያህል ሳይሰማሽ አልቀረም።

ኢሜይሉን ለጊዜው ተዉትና ሁለታችሁም ባልደከማችሁበት ሰዓት ከ18:20 እስከ 19:30 ያለውን ብቻ አብራችሁ እዩ። ባለቤትሽ አንድ ነገር ይጠይቅሽ፦ «የከፋሽ ያየሽው ነው ወይስ የሰማሽው?» አንቺም «እንዲቀር የምትፈልገው ምኑን ነው?» በይው። መልሱ እስኪያልቅ ማንም አያቋርጥ፣ ማንም አይከራከር።

ይህን የምለው በፊልም ሥራ ምስልና ድምፅ ለየብቻ ስለሚነኩ ነው። አንቺን የጎዳሽ ቃሉ ከሆነ፣ እሱ የሚፈልገው ደግሞ እናቱ ሲመርቁና ሲስሙት መታየቱን ከሆነ፣ ምስሉ ይቀመጣል፣ ድምፁ ይጠፋል። ገደብ ግን አለው። ቃሉና እልልታው በአንድ ማይክ ከተቀዱ ቃሉን ብቻ ጥርት አድርጎ ማውጣት ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ የዚያ ቦታ ድምፅ በሙሉ ወርዶ ሙዚቃ ወይም ከሌላ ቦታ የተወሰደ እልልታ ይደረብበታል። ፊታቸው በቅርብ የተነሳ ከሆነም ከንፈራቸው ስለሚነበብ ለእነዚያ ሰከንዶች በሌላ ካሜራ የተነሳ ምስል ይተካ።

ድምፁ ጠፋ ማለት ግን ከአማትሽ ጋር ያለው ነገር አለቀ ማለት አይደለም። በሠርግ ለቅሶ የሚወጣ ቃል ብዙ ጊዜ የመለየት ኀዘን እንጂ ክስ አይደለም። ቤታቸው ስትሄዱም የሚደጋገም ከሆነ ግን ኤዲተር የሚፈታው አይደለም፤ እናቱን በእርጋታ ማናገር ያለበት ባለቤትሽ ነው፤ ያኔም ከአንቺ ተልኮ ሳይሆን እንደ ራሱ ጉዳይ አድርጎ።

የበሩን ትዕይንትም እንዲሁ እዩት። ሙሉ በሙሉ ከወጣ ሙሽራው ከመኪና ወርዶ ድንገት ሳሎን ውስጥ ይገኛል፤ ታሪኩ ይቆረጣል፤ ወንድሞችሽም ከፊልሙ ይጠፋሉ። ባለቤትሽን ያሳፈረው ምናልባት አንድ ቀልድ ነው። የትኛው እንደሆነ ይንገርሽ፤ «ሰርግ ነው፣ ጨዋታ ነው» ብለሽ አታቃልዪበት። ያ ቀልድ ይውጣ፣ በሩ ሲከፈት ተቃቅፈው የሚገቡበት ይቆይ።

ከተስማማችሁ በኋላ አዲሱን ኢሜይል አንዳችሁ ጻፉ፣ ሌላው አንብቦ ይላከው። መስመሮቹ እንዲህ ቢሆኑ ይበቃል፦

«00:09:52–00:10:08፦ ስለ ገንዘብ የተቀለደው ይውጣ፤ በሩ ሲከፈት ያለው ይቀጥል።
00:18:40–00:18:52፦ ምስሉ ይቆይ፣ ድምፁ ይጥፋ፣ ሙዚቃ ይደረብ። ከንፈራቸው ከታየ በሌላ ካሜራ የተነሳ ይተካ።»

መነሻውንም መድረሻውንም ጻፉ፤ «18 ደቂቃ አካባቢ» የሚል መስመር ኤዲተሩን ያስገምተዋል፣ ግምቱም ሌላ ጭቅጭቅ ይወልዳል። ሁሉም ሰዓት ከአንድ ፋይል ይነበብ፦ 9:52 ላይ 16 ሰከንድ ከወጣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ 16 ሰከንድ ቀድሞ ስለሚመጣ ከአዲሱ ቅጂ የተወሰደ ቁጥር ከድሮው ጋር ሲቀላቀል የማይፈለግ ቦታ ይቆረጣል። ዘፈን የምትቀይሩ ከሆነ ደግሞ እሱን በመጀመሪያው መስመር አድርጉት፤ ምስሉ በዘፈኑ ምት ስለሚቆረጥ ለምሳሌ በወዳጅነት ፓርክ የተቀረጸ ክፍል ካላችሁ ዘፈኑ ቢቀየር ክፍሉ እንደገና ሊሠራ ይችላል።

በቴሌግራም ከእህት ከአክስት የሚመጣው «እኔ አልታየሁም» ለእናንተ ይድረስ እንጂ ለኤዲተሩ አይተላለፍ። እናንተ የተስማማችሁበት ብቻ ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ። ሃያ ደቂቃ ተነጋግራችሁ ያልተፈታ መስመር ካለ ከሥሩ «ይህን ለጊዜው አትንካው፣ በኋላ እንነግርሃለን» ብላችሁ ጻፉ፤ ኤዲተሩ የቀረውን ይጀምራል።

በዚያው ኢሜይል ያልተቆረጠው ቀረጻ እስከ መቼ እንደሚቆይ ጠይቁት። አንዳንድ ባለሙያዎች ቦታ ለማስለቀቅ ይደመስሱታል፤ ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ ቅጂ ብትወስዱ ዛሬ የጠፋው ድምፅ የትም አልጠፋም፤ ባለቤትሽም «እናቴን ደመሰስሽብኝ» የሚልበት ምክንያት አይኖረውም።